በመጀመሪያው ቀን የማይሰማው ቀዳዳ

ይህ ጽሑፍ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ባለ አዳራሽ ያደረግኩት ንግግር ነው። የመጡት እናቶች፣ የጤና ጣቢያ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነበሩ። መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎችም የተወሰኑትን ጨምሬበታለሁ።

እንደምን አደራችሁ። ልጅ ታቅፋችሁ የመጣችሁ እናቶች፣ ልጁ ካለቀሰ አትሳቀቁ፤ እኔ ሥራዬ ከሚያለቅሱ ልጆች ጋር ነው።

በአንዲት ልጅ ልጀምር። ስሟን አልጠራም። የተወለደችው ከዚህ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። በተወለደች በሁለተኛው ቀን ያየኋት እኔ ነኝ። ክብደቷ 3.1 ኪሎ ነው። ቀለሟ ጥሩ፣ ጡት አጠባቧ ጥሩ። ማዳመጫዬን ደረቷ ላይ አድርጌ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጥኩ። ልብ ሁለት ድምፅ አላት፤ ሁለቱም ጥርት ብለው ይሰማሉ። ሌላ ምንም የለም። እናቷን «ልቧ ደህና ነው፣ አትስጊ» አልኳት።

ለ45 ቀን ክትባት ስትመጣ ግን ሌላ ልጅ ነበረች። ሚዛኑ ላይ ስትወጣ 3.5 ኪሎ ሆነች። አብራችሁኝ እናስላ። ሕጻን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይቀንስና በ10ኛው ቀን አካባቢ ወደ ተወለደበት ክብደት ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም መጨመር አለበት። ስለዚህ በቀሩት 35 ቀናት ወደ አንድ ኪሎ ገደማ ጨምራ 4 ኪሎ ማለፍ ነበረባት። እሷ የጨመረችው 400 ግራም ነው። በቀን 12 ግራም እንኳ በቅጡ አይሞላም። እናትየው ደግሞ ጡቷ ሙሉ ነው፤ ወተት አላነሳትም።

እንደገና አዳመጥኩ። አሁን ከደረቷ አጥንት በስተግራ፣ ዝቅ ብሎ፣ በሁለቱ የልብ ድምፆች መካከል «ሽሽሽ» የሚል ነገር አለ። በሁለተኛው ቀን አልነበረም። ልቧ ላይ ያለው ቀዳዳ ግን ያኔም ነበር። እንዲያውም ከመወለዷ ሰባት ወር ገደማ በፊት ጀምሮ ነበር።

ታዲያ እንዴት ተደበቀ? ዛሬ የምነግራችሁ ይህንን ነው። ለዚህ ደግሞ ልብ እንዴት እንደተሠራ ማየት አለብን።

መጀመሪያ ስለ አቆጣጠር አንድ ነገር ልበል። ጤና ጣቢያ ላይ የእርግዝና ሳምንት የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት ቀን ጀምሮ ነው። እኔ ዛሬ የምቆጥረው ጽንሱ ከተፈጠረበት ቀን ነው። በሁለቱ መካከል የሁለት ሳምንት ልዩነት አለ። እኔ «7ኛ ሳምንት» ስል ካርዳችሁ ላይ 9 ሳምንት ማለት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ሽሉ ስስ ቅጠል ይመስላል። ከራሱ በኩል ልብ የሚሆኑ ሴሎች በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ይደረደራሉ። ከእነሱ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይወጣሉ፣ ግራና ቀኝ። ሽሉ ሲታጠፍ ሁለቱ ቱቦዎች መሐል ላይ ይገናኙና አንድ ይሆናሉ። ይህ የሚሆነው በ21ኛውና በ22ኛው ቀን አካባቢ ነው። በዚያው ሰሞን ቱቦው መምታት ይጀምራል። የሽሉ ጠቅላላ ርዝመት ያኔ ሁለት ወይም ሦስት የጤፍ ፍሬ ተከታትሎ ቢደረደር የሚያህል ነው። ክፍል የለም፣ በር የለም፣ ግድግዳ የለም። ደም በአንዱ ጫፍ ይገባል፣ በሌላው ጫፍ ይወጣል። አብዛኛዋ እናት በዚህ ጊዜ የወር አበባዋ ለምን እንደዘገየ እያሰበች ነው።

ቀጥሎ ቱቦው ይታጠፋል። የውኃ ጎማ ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ወደ መሐል ብትገፉት መሐሉ ወደ አንድ በኩል ይጎብጣል። የልብ ቱቦም ሁለት ጫፎቹ ተይዘዋል፤ እሱ ግን ማደጉን ቀጥሏል። ቦታ ሲያጣ ይጎብጣል። የሚጎብጠው ደግሞ ወደ ቀኝ ነው። ቀኝና ግራ የሚለየው ከዚያ በፊት ነው፤ ሽሉ ላይ ያሉ እጅግ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች ፈሳሹን ወደ ግራ ስለሚቀዝፉት አካሉ ግራውን ከቀኙ ያውቃል። ከታጠፈ በኋላ የቱቦው ታችኛ ጫፍ፣ ደም የሚቀበለው፣ ወደ ኋላና ወደ ላይ ይሄዳል። የሚረጨው ክፍል ወደ ፊትና ወደ ታች ይመጣል። በ28ኛው ቀን ከውጭ ሲያዩት ልብ ይመስላል። ውስጡ ግን ገና አንድ ቤት ነው።

ግድግዳው የሚሠራው ከ4ኛው ሳምንት መጨረሻ እስከ 8ኛው ሳምንት መግቢያ ባለው ጊዜ ነው። ልቡ በዚህ ሁሉ መሐል አንድም ቀን አያርፍም። ቤተሰብ እየኖረበት ግንባታ እንደሚካሄድበት ቤት ነው፤ ይህንን እዚህ ሰፈር ያላችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ መሐል ላይ፣ የላይኛውና የታችኛው ክፍል በሚገናኙበት ቦታ፣ ከፊትና ከኋላ ሁለት ትራስ መሰል እብጠቶች ያድጋሉ። ተገናኝተው ይጣበቃሉ። አንድ የነበረው መተላለፊያ ግራና ቀኝ ሁለት በር ይሆናል። እነዚህ ትራሶች ሳይገናኙ ሲቀሩ መሐሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ከላይም ከታችም ግድግዳው ይጎድላል፣ በሮቹም በደንብ አይለዩም። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ የልብ ችግር ይገኛል፤ በጣም የሚታወቀውም ይኸው ነው። ስለዚህ ዳውን ሲንድረም ያለበት ሕጻን ምንም ድምፅ ባይሰማበት እንኳ ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ መነሣት አለበት። ነርሶች፣ ይህቺን ያዙልኝ።

የላይኞቹን ሁለት ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ በጣም ይገርመኛል። ጽንስ በሳንባው አይተነፍስም። ኦክስጅን የያዘው ደም የሚመጣለት ከእንግዴ ልጅ በእትብት በኩል ነው። ያ ደም በቀኝ በኩል ገብቶ ወደ ግራ መሻገር አለበት። ግድግዳው እንዲኖር ያስፈልጋል፣ ግን መተላለፊያም ያስፈልገዋል። እንዴት ተፈታ? አንድ ስስ ግድግዳ ከጣሪያው ወደ ታች ይወርዳል። ወለሉ ላይ ደርሶ ከመዝጋቱ በፊት አናቱ ላይ ቀዳዳ ይከፈታል። ከዚያ ከጎኑ፣ በቀኝ በኩል፣ ሁለተኛ ወፈር ያለ ግድግዳ ይወርዳል፤ እሱም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ሁለቱ ግድግዳዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ ቀዳዳዎቻቸው አይገጣጠሙም። ስሱ ግድግዳ እንደ መጋረጃ ይሆናል። ከቀኝ ሲገፋ ይከፈታል፣ ከግራ ሲገፋ ይዘጋል።

ልጁ ተወልዶ ሲተነፍስ ከሳንባ ብዙ ደም ወደ ግራው ክፍል ይመጣል። ግፊቱ ከግራ ስለሚበረታ መጋረጃው ይዘጋል። ከጊዜ በኋላ ይጣበቃል። ከአራት ሰው በአንዱ ሳይጣበቅ ይቀራል፤ አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ዕድሜውን ይኖራል። ይህ በሽታ አይደለም። በሽታ የሚሆነው መጋረጃው ከመጀመሪያው ሲያጥር ወይም ሲበሳሳ ነው። ያኔ የማይከደን ቀዳዳ ይኖራል። እንዲህ ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ያድጋል፤ አንዳንዷ ሴት 30 ዓመቷ ላይ አርግዛ ትንፋሽ ሲያጥራት ነው የሚታወቅላት።

ወደ ልጃችን እንመለስ። የእሷ ቀዳዳ በታችኞቹ ክፍሎች መካከል ነው። በልብ ላይ ከሚፈጠሩት ቀዳዳዎች በጣም የተለመደውም እሱ ነው።

የታችኞቹ ክፍሎች ግራና ቀኝ እንደ ፊኛ ወደ ውጭ ይነፋሉ። ሁለት ፊኛዎች ጎን ለጎን ሲነፉ መሐላቸው ላይ የሚቀር ሸንተረር አለ። ያ ሸንተረር ከወለሉ ወደ ላይ የቆመ ወፍራም የጡንቻ ግድግዳ ይሆናል። ነገር ግን ጣሪያው ድረስ አይደርስም። ከላዩ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ክፍተት ይቀራል። ይህ ክፍተት እስኪዘጋ ድረስ ሦስት ነገሮች ከሦስት አቅጣጫ መምጣት አለባቸው። ከታች የጡንቻው ግድግዳ፣ ከኋላ ቅድም ያልኳችሁ ትራሶች፣ ከፊት ደግሞ ደም የሚወጣበትን ትልቅ ቱቦ ለሁለት የሚከፍሉት ሸንተረሮች። እነዚህ የፊተኞቹ ሸንተረሮች እንደ ተጠመዘዘ ገመድ እየዞሩ ነው የሚወርዱት፤ ወደ ሳንባ የሚሄደውንና ወደ ሰውነት የሚሄደውን ቧንቧ የሚለዩት እነሱ ናቸው።

ሦስት ግንበኞች ከሦስት ማዕዘን ጀምረው አንድ ቦታ ላይ ሊገናኙ ቢቀጠሩ የሚጎድለው የት ነው? መገናኛው ላይ ነው። የልብም እንዲሁ ነው። ሁሉም በሰዓቱ ከደረሰ በ7ኛው ሳምንት መጨረሻ ክፍተቱ ይዘጋል። የሚዘጋው እንደ ወረቀት በሳሳ ጨርቅ መሰል ነገር ነው። ጽንሱ ያኔ የባቄላ ፍሬ ያህላል። ከሦስቱ አንዱ ትንሽ ካጠረ ወይም ከዘገየ ስሱ ቦታ ላይ ቀዳዳ ይቀራል። የልጅቷ ቀዳዳ እዚያ ነው። በኢኮ ስንለካው 7 ሚሊ ሜትር ሆነ። በእሷ ዕድሜ ያለ ልጅ ከልቡ የሚወጣው ዋናው ቧንቧ፣ አኦርታ የምንለው፣ ስፋቱ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ይህ ትልቅ ቀዳዳ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። 7 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሁለተኛው ቀን እንዴት ጭጭ አለ?

ደም በቀዳዳ የሚያልፈው ግፊት ሲለያይ ነው። ማሕፀን ውስጥ የግራውና የቀኙ ግፊት እኩል ነው። የሳንባ ደም ቧንቧዎች ጠበው ተዘግተዋል ማለት ይቻላል፤ ቀኙ ክፍል በእነሱ ላይ ለመግፋት እንደ ግራው ይበረታል። ሁለት በርሜል ውኃ እኩል ሞልተው ከታች በጎማ ብታገናኟቸው ውኃው ወዴትም አይሄድም። ቀዳዳው አለ፣ ፍሰት የለም። ፍሰት ከሌለ ድምፅ የለም። ልጁም ማሕፀን ውስጥ ምንም አይሆንም።

ሲወለድ የሳንባ ቧንቧዎች መከፈት ይጀምራሉ። ግን በአንድ ቀን አያልቅም። ግድግዳቸው እየሳሳ፣ ግፊቱ እየወረደ ሳምንታት ይፈጃል። በ2ኛው ቀን የቀኙ ግፊት ገና ከግራው ብዙም አይርቅም። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ግን ልዩነቱ ይሰፋል። እኛ ደግሞ የምንኖረው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብለን ነው። ኦክስጅን ሲያንስ የሳንባ ቧንቧ ይጠባል፤ ስለዚህ እዚህ ደጋ ላይ መውረዱ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ቀዳዳው የሚናገረው ያኔ ነው። የ45 ቀን ክትባት ቀን ከዚህ ጋር መገጣጠሙ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። እናትየው ለማንኛውም ትመጣለች፤ ማዳመጫም ሚዛንም እዚያው አለ።

ደሙ የሚያልፈው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ከሳንባ ተጣርቶ የመጣው ደም ወደ ሰውነት መሄድ ሲገባው ተመልሶ ወደ ሳንባ ይሄዳል። የልጅቷን በግምት አስልተነው ነበር። ወደ ሰውነቷ በደቂቃ ወደ 600 ሚሊ ሊትር ደም ይሄዳል። ወደ ሳንባዋ የሚሄደው ግን 1,800 ነው። ማለትም በየደቂቃው ሁለት ትንንሽ ሃይላንድ የሚሞላ ደም በከንቱ ይዞራል። 3.5 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ናት።

ይህን ሁሉ የሚገፋው ማነው? ብዙ ተማሪዎቼ «ቀኙ ነው» ይሉኛል፤ ደሙ የሚገባው ወደ ቀኝ ስለሆነ። አይደለም። የታችኞቹ ሁለት ክፍሎች የሚጨመቁት በአንድ ጊዜ ነው። ግራው ሲጨመቅ ደሙ በቀዳዳው አልፎ፣ ቀኙ ክፍል ውስጥ ሳይቆይ፣ በቀጥታ ወደ ሳንባ ቧንቧ ይወጣል። ሳንባ ዞሮ የሚመለሰው ደግሞ ወደ ግራ ነው። ስለዚህ ሦስቱንም እጥፍ የሚሸከመው ግራው ነው። በኢኮ ያበጠው ግራው ነበር። የላይኛው ግድግዳ ቀዳዳ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ቀኙ ነው የሚያብጠው። ኢኮ በምናይበት ጊዜ የትኛው ጎን ምን ያህል እንዳበጠ ማየት የቀዳዳውን ቦታና ክብደት ይነግረናል።

አሁን ይህ ሁሉ ከውጭ ምን ይመስላል? እናትየው የነገረችኝን ልድገመው፤ ከማንኛውም መጽሐፍ ይሻላል። «ትጠባለች፣ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ስባ ታቆማለች። ታለከልካለች። ግንባሯ በላብ ይጠመቃል፣ ቤቱ እኮ ብርድ ነው። ትደክምና ትተኛለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በረሃብ ትነሣለች።» ለሕጻን ጡት መጥባት ዳገት እንደ መውጣት ነው። አዋቂ የልብ ሕመምተኛ ደረጃ ሲወጣ የሚሆነውን ሕጻን ጡት ላይ ይሆናል። ላቡን ልብ በሉ። ጡት ሲጠባ ብርድ ቤት ውስጥ ግንባሩ የሚያልበው ልጅ መታየት አለበት።

ትንፋሿን ቆጠርን፤ በደቂቃ 68። ሁለት ወር ላልሞላው ልጅ 60 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ስትቆጥሩ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ሕጻን ላይ ያሳስታል፤ አተነፋፈሳቸው አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይቆማል። ጉበቷ ከጎድን አጥንቷ በታች 3 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ይዳሰሳል።

ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ «የሳንባ ምች» ተብሎ ሽሮፕ ተሰጥቷታል። የሰጡትን አልወቅስም። በደም የተጥለቀለቀ ሳንባም ትንፋሽን ያፈጥናል፣ ያስላል። በዚያ ላይ እንዲህ ያለው ሳንባ እውነተኛ ምች በቀላሉ ይይዘዋል። ግን ትኩሳት የላትም፣ ሽሮፑን ጨርሳም ትንፋሿ ያው ነው፣ ኪሎም አልጨመረችም። ሦስቱ ሲገጣጠሙ ልብን መጠርጠር ያስፈልጋል።

ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያስ? እሷ ላይ 95 አሳየ፤ ለእኛ ከፍታ ጥሩ ነው። መለኪያው አልዋሸም። የተጣራው ደም ነው ወደ ሳንባ የሚመለሰው እንጂ ያልተጣራው ወደ ሰውነት አይሻገርም። ስለዚህ የልጁ ከንፈር አይጠቁርም። ያ መሣሪያ ሌሎች የልብ ችግሮችን ይይዛል፤ ይህንን ግን ያሳልፈዋል። ቁጥሩ ጥሩ ነው ብላችሁ ልጁን ወደ ቤት አትላኩት።

ስለ ድምፁ አንድ ነገር አለ። የውኃ ጎማ አፉን በአውራ ጣታችሁ ስትጫኑት ውኃው ይጮኻል፣ ሩቅ ይረጫል። ስትለቁት ዝም ብሎ ይወርዳል። ቀዳዳም እንዲሁ ነው። ትንሹ ይጮኻል። ሄንሪ ሮዤ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1879 እ.ኤ.አ. ይህንን ጽፎታል፤ ኃይለኛ ድምፅ ያላቸው ግን ምንም የማያማቸው ልጆች አየ። እኔም ልጅቷን በማክምበት ሰሞን አንድ ወንድ ልጅ ታካሚ ነበረኝ። ድምፁ እጅ ሲያርፍበት በመዳፍ ይንዘራል። አባቱ አልቅሷል። ቀዳዳው 2 ሚሊ ሜትር ነበር፣ ጡንቻው ግድግዳ ላይ። እያደገ ሲሄድ ጡንቻው ራሱ ዘጋው። የልጅቷ ድምፅ ግን መካከለኛ ነበር። ስለዚህ ሚዛኑን፣ ትንፋሹንና አጠባቡን ከድምፁ በላይ እመኑ።

ሕክምናውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ላሲክስ ሰጠናት፤ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ነው፣ የሳንባዋን ውኃ ይቀንሳል። እናትየው ወተቷን እያለበች በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ እንድትሰጣት አደረግን። ለመምጠጥ የሚያጠፋው ጉልበት እንዲቀንስ ነው። ክብደቷ ትንሽ ተሻሻለ። ቀዳዳውን ግን ላሲክስ አይዘጋውም፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ቀዳዳ መለጠፍ ይፈልጋል።

መጠበቅ ለምን አይቻልም? በ1897 እ.ኤ.አ. ቪክቶር አይዘንሜንገር የሚባል ሐኪም የ32 ዓመት ሰው ታሪክ ጻፈ። ትልቅ ቀዳዳ የነበረበት፣ ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ነው። የሆነው ይህ ነው፤ የሳንባ ቧንቧዎች ያንን ሁሉ ደም በኃይል ሲቀበሉ ራሳቸውን ለመከላከል ግድግዳቸውን ያወፍራሉ። መጀመሪያ ላይ ልጁ የተሻለው ይመስላል። ማለክለኩ ይቀንሳል፣ ድምፁም ይጠፋል። እናት ደስ ይላታል። እኔ ደግሞ የምፈራው ያንን ነው። የሳንባው ግፊት ከሰውነቱ ሲበልጥ ደሙ ከቀኝ ወደ ግራ መሄድ ይጀምራል፤ ያኔ ከንፈሩ ይጠቁራል። እዚያ ከደረሰ ቀዳዳውን መዝጋት አይቻልም፤ ለቀኙ ልብ ብቸኛ መተንፈሻ እሱ ሆኗል። ይህ በአንድ ቀን አይመጣም፤ ነገር ግን ትልቅ ቀዳዳ ላይ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ጉዳቱ የማይመለስ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ዓመት የምንሮጠው።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ረጅም ታሪክ አለው። በ1954 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ሊለሃይ የሚባል ቀዶ ሐኪም የአንድ ዓመት ልጅን ቀዳዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘጋ። የልብና ሳንባ ማሽን አልነበረውም። የልጁን ደም ሥር ከአባቱ ጋር አገናኘ። ልጁ ልቡ ተከፍቶ ሲሰፋ የሚተነፍስለት አባቱ ነበር። ልጁ ከ11 ቀን በኋላ በሳንባ ምች ሞተ፤ ቀዳዳው ግን ተዘግቶ ነበር። በኋላ በዚሁ መንገድ ብዙ ልጆች ዳኑ። እኛ አገር ዶ/ር በላይ አበጋዝ የልብ ሕመም ያለባቸውን ልጆች ውጭ አገር ልኮ ከማሳከም ጀምረው፣ በ2001 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ሥራ ጀመረ።

ስለ ሥራው አንድ ዝርዝር ልጨምር። ቀዳዳው ያለበት ስስ ቦታ ጠርዝ ላይ የልብ «ኤሌክትሪክ መስመር» ያልፋል፤ ከላይኞቹ ክፍሎች ወደ ታችኞቹ ትእዛዝ የሚያደርሰው። አይታይም። ቀዶ ሐኪሙ የት እንዳለ ከልምድ ያውቃል እንጂ በዓይኑ አያየውም። ስፌቱ እሱን ከነካው ልቡ ምቱን ያጣል፣ ልጁም ዕድሜ ልክ ልብ የሚያስመታ ማሽን ሊያስፈልገው ይችላል። አጠገቡ ደግሞ የአኦርታ በር አለ። ለዚህ ነው «ትንሽ ቀዳዳ መስፋት» የማንለው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተነሣ። አንዲት እናት፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ከኋላ ተነሡ። «ልጄ እርጉዝ መሆኗን ሳታውቅ ጀሪካን ውኃ ስትሸከም ነበር፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ። የልጅ ልጄ ልብ የተበሳው በዚያ ነው ይሏታል።»

«እማማ፣ በጀሪካን አይደለም» አልኳቸው። «በጾምም አይደለም፣ በድንጋጤም አይደለም። ግድግዳው ሲሠራ ጽንሱ ከባቄላ ፍሬ ያንሳል፤ እናት የተሸከመችው እዚያ አይደርስም። እኛ ምክንያቱን የምናውቃቸው አሉ። በደንብ ያልተያዘ ስኳር፣ በእርግዝና መጀመሪያ የሚይዝ ሩቤላ የሚባል ኩፍኝ መሳይ በሽታ፣ አልኮል፣ ለሚጥል በሽታ የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ የክሮሞዞም ችግር። በብዙዎቹ ልጆች ላይ ግን አንዱንም አናገኝም። ልጅዎን ይህንን ንገሩልኝ።» አለቀሱ። እኔም ውኃ ጠጣሁ።

ሌላዋ ወጣት እናት «የመጀመሪያው ልጄ እንዲህ ነው፤ ሁለተኛ ብወልድስ?» አለች። ከጠቅላላው ሕዝብ ከ100 ልጆች በአንዱ ገደማ ላይ አንድ ዓይነት የልብ ችግር ይገኛል። ወንድም ወይም እህት ካለበት ወደ 3 ይደርሳል። 97ቱ ደህና ይወለዳሉ ማለት ነው። ስታረግዥ ግን በ5ኛው ወር አካባቢ የጽንሱን ልብ የሚያይ አልትራሳውንድ እንዲሠራልሽ ንገሪያቸው፤ ትልቅ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ይታያል፣ ትንሹ ግን ሊያመልጥ ይችላል።

አንድ ነርስ ደግሞ «ታዲያ በሁለተኛው ቀን ማዳመጥ ምን ይጠቅማል?» አለችኝ። ይጠቅማል። ሌሎች ችግሮች ያን ቀን ይሰማሉ፣ የብሽሽት ደም ሥር መነካቱም ያን ቀን መታየት አለበት። እኔ ያሻሻልኩት የምናገረውን ነው። ድሮ «ልቧ ደህና ነው» እል ነበር። አሁን «ዛሬ የሰማሁት ደህና ነው፤ በ45 ቀን እንደገና አዳምጣታለሁ» እላለሁ። ካርዱም ላይ እጽፈዋለሁ፣ ሌላ ሰው ቢያያት እንዲያዳምጥ።

ልጅቷ ተራ ደርሷት በ6 ወሯ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ከእሷ በኋላ የተመዘገቡ፣ ተራው ሳይደርስላቸው ወራት የሄዱባቸው ልጆች አሉኝ፤ ያንን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እሷ ግን ለ9 ወር የኩፍኝ ክትባት ስትመጣ 7.2 ኪሎ ሆና ነበር። ደረቷ ላይ ቀጭን መስመር አለ። ጡት ስትጠባ እናቷን ቁጭ ብዬ አየኋቸው፤ ሳታቆም ጠጣች፣ ግንባሯም ደረቅ ነበር።